ሽያጭ ሳያድግ ትርፍ የሚያድገው እንዴት ነው? ምርት ከሽያጭ ሲበልጥ ሁለቱ የወጪ አሰላል ዘዴዎች የሚለያዩበት ምክንያት

አንድ ፋብሪካ በዓመቱ ስንት ዕቃ እንደሸጠ፣ በምን ዋጋ እንደሸጠና ምን ያህል ወጪ እንዳወጣ በትክክል ታውቆ ሳለ፣ ሁለት የሂሳብ ባለሙያዎች ያንኑ መዝገብ ይዘው አንዱ ትርፍ፣ ሌላው ኪሳራ ጽፎ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የደበቁት ደረሰኝም የለም። ልዩነቱ የሚመጣው አንዱ የሙሉ ወጪ ስሌትን (አብዞርፕሽን ኮስቲንግን)፣ ሌላው የተለዋዋጭ ወጪ ስሌትን (ቫሪያብል ኮስቲንግን) በመጠቀሙ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ልዩነቱ ጎልቶ በሚታይበት በአንድ ሁኔታ ላይ ነው፤ ይኸውም ፋብሪካው በዓመቱ ከሸጠው በላይ ሲያመርትና ያልተሸጠው ምርት መጋዘን ውስጥ ሲቀር ነው።

ሁለቱ ዘዴዎች የሚስማሙባቸው ነገሮች ከሚለያዩባቸው ይበልጣሉ። ጥሬ ዕቃው፣ የቀጥታ ሠራተኛው ክፍያና ከምርቱ ብዛት ጋር አብሮ የሚወጣውና የሚወርደው የማምረቻ ወጪ በሁለቱም ዘንድ የዕቃው ወጪ ናቸው። ለሽያጭና ለአስተዳደር የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ በሁለቱም ዘንድ የዘመኑ ወጪ ስለሆነ ወደ ክምችት አይገባም። አለመግባባቱ ያለው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም ቋሚው የማምረቻ ኦቨርሄድ ነው። የፋብሪካው ሕንፃ ኪራይ፣ በየዓመቱ እኩል የሚታሰበው የማሽኖች የእርጅና ቅናሽ፣ የምርት ተቆጣጣሪዎች ደመወዝ፣ የፋብሪካው የመድን ክፍያ እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። እነዚህ ወጪዎች አንድ ዕቃ ቢመረትም አሥር ሺህ ቢመረትም አይለወጡም።

የሙሉ ወጪ ስሌት እንዲህ ይላል፦ ያለ ሕንፃና ያለ ማሽን ዕቃው አይመረትምና እያንዳንዱ ዕቃ ከቋሚው ወጪ የድርሻውን ይሸከም፤ ዕቃው እስኪሸጥ ድረስም ያ ድርሻ ከዕቃው ጋር በሀብትነት መጋዘን ይቆይ። የተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ደግሞ ኪራዩ የተከፈለው ለዚያ ዓመት የማምረት ዝግጁነት እንጂ ለአንድ የተለየ ዕቃ ስላልሆነ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ዝግጁነቱም አብሮ ያልቃል፤ ስለዚህ ሙሉው ቋሚ ወጪ በዚያው ዓመት ትርፍ ላይ ይቀነስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ጆናታን ሃሪስ የተባለው አሜሪካዊ ይህንን ሁለተኛውን አስተሳሰብ በጽሑፍ ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ክርክሩ እስከ ዛሬ ድረስ አልተዘጋም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ የሚያመርት ፋብሪካ እንውሰድ። መገበያያው ምንም ይሁን ምን ለነገሩ ለውጥ ስለሌለው፣ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ። አንዱ ዕቃ በ100 ይሸጣል። ለማምረት ጥሬ ዕቃ 25፣ የቀጥታ ሠራተኛ ክፍያ 10፣ ተለዋዋጭ ኦቨርሄድ 5፣ በድምሩ 40 ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ዕቃ ሲሸጥ ለማጓጓዝና ለኮሚሽን 5 ይወጣል። ቋሚው የማምረቻ ወጪ በዓመት 300,000፣ ቋሚው የሽያጭና የአስተዳደር ወጪ ደግሞ 150,000 ነው። ፋብሪካው በመደበኛ ሁኔታ በዓመት 10,000 ዕቃ የማምረት አቅም ስላለው፣ 300,000 ለ10,000 ሲካፈል ለአንድ ዕቃ 30 የቋሚ ወጪ ድርሻ ይደርሰዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ፋብሪካው 10,000 አምርቶ 10,000ውንም ሸጠ። በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ከእያንዳንዱ ሽያጭ 100 ላይ ተለዋዋጮቹ 45 ሲቀነሱ 55 ይተርፋል፤ ይህ 55 ቋሚ ወጪን ለመሸፈን የሚውለው የዕቃው አስተዋጽኦ ነው። አሥሩ ሺህ ዕቃ 550,000 አስገኘ፤ ከዚህ ላይ ሁለቱ ቋሚ ወጪዎች 450,000 ሲቀነሱ 100,000 ትርፍ ይቀራል። በሙሉ ወጪ ስሌት የአንዱ ዕቃ ወጪ 70 በመሆኑ ጥቅል ትርፉ 300,000 ሲሆን፣ ከእርሱ ላይ ተለዋዋጭና ቋሚ የሽያጭና የአስተዳደር ወጪ 200,000 ሲቀነስ ያው 100,000 ይመጣል። የተመረተው ሁሉ ስለተሸጠ በመጋዘን የተደበቀ ቋሚ ወጪ የለም፤ ስለዚህም ሁለቱ ዘዴዎች ተገናኙ።

በሁለተኛው ዓመት ገበያው ቀዘቀዘ። ፋብሪካው እንደለመደው 10,000 አመረተ፤ የተሸጠው ግን 8,000 ብቻ ነው፤ 2,000 ዕቃ መጋዘን ቀረ። የተለዋዋጭ ወጪ ስሌት የሚያሳየው 8,000 በ55 ተባዝቶ የሚገኘውን 440,000 ሲሆን፣ ከእርሱ ላይ 450,000 ሲቀነስ 10,000 ኪሳራ ይሆናል። በሙሉ ወጪ ስሌት ግን የተሸጡት 8,000 ዕቃዎች ወጪ 560,000፣ ጥቅል ትርፉ 240,000 ነው፤ ከእርሱ ላይ 40,000 ተለዋዋጭና 150,000 ቋሚ የሽያጭና የአስተዳደር ወጪ ተቀንሶ 50,000 ትርፍ ይገኛል። በአንዱ መግለጫ ድርጅቱ ከስሯል፤ በሌላው አትርፏል።

የ60,000ው ልዩነት የት እንዳለ ለማየት መጋዘን ገብተን ከ2,000ዎቹ ዕቃዎች የአንዱን የወጪ ካርድ ብናነብ ይበቃናል። ካርዱ ላይ ጥሬ ዕቃ 25፣ የሠራተኛ ክፍያ 10፣ ተለዋዋጭ ኦቨርሄድ 5 ተጽፏል፤ እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ዘዴዎች ያምናሉ። ከእነዚህ በታች ያለው የመጨረሻ መስመር ቋሚ ኦቨርሄድ 30 ይላል። ይህ 30 ቀድሞ የተከፈለ የዓመቱ ኪራይና የተቆጣጣሪው ደመወዝ ቁራሽ ነው። የሙሉ ወጪ ስሌት ይህንን መስመር ካርዱ ላይ ትቶ ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግረዋል፤ የተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ግን ይሰርዘውና የዓመቱ ወጪ ያደርገዋል። 2,000 ዕቃ በ30 ሲባዛ 60,000 ነው። የጠፋ ወይም የተፈጠረ ገንዘብ የለም፤ የዘንድሮው 60,000 ወጪ ከዘንድሮው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ወጥቶ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ በክምችት ስም ተቀምጧል።

ስለዚህ ሁለቱን ትርፎች ለማስታረቅ የሚያስፈልገው ስሌት አንድ ነው፦ በመዝጊያ ክምችት ውስጥ ካለው ቋሚ ወጪ ላይ በመክፈቻ ክምችት ውስጥ የነበረውን ቋሚ ወጪ መቀነስ። ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ የሙሉ ወጪ ስሌት ትርፍ በዚያው መጠን ይበልጣል፤ አሉታዊ ከሆነ በዚያው መጠን ያንሳል። ብዙ ተማሪዎች ይህንን አሳጥረው «በአሃድ የተቆጠረው የክምችት ለውጥ በአንድ ዕቃ የቋሚ ወጪ ተመን ሲባዛ» ብለው ይሸመድዱታል። ይህ የሚያስኬደው ተመኑ ከዓመት ወደ ዓመት እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ለምሳሌ በቀጣዩ ዓመት ገበያው ተመልሶ ፋብሪካው 12,000 አመረተ፣ 12,000 ሸጠ እንበል። ምርቱ ከመደበኛው አቅም በጣም በመብለጡ 300,000ው ለ12,000 ተካፍሎ ተመኑ ወደ 25 ወረደ። መክፈቻው 2,000፣ መዝጊያው 2,000 ስለሆነ የክምችት ለውጥ ዜሮ ነው፤ በተሸመደደው ቀመር ከሄድን ልዩነት ሊኖር አይገባም። ይሁን እንጂ ቀድሞ የገባ ዕቃ ቀድሞ ይወጣል በሚለው ደንብ መክፈቻው እያንዳንዱ 30፣ በድምሩ 60,000 ቋሚ ወጪ ይዞ ወደ ወጪ ሲገባ፣ መዝጊያው የሚይዘው እያንዳንዱ 25፣ በድምሩ 50,000 ብቻ ነው። በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት ትርፉ 210,000፣ በሙሉ ወጪ ስሌት 200,000 ይሆናል። በአሃድ ያልተለወጠው ክምችት በያዘው ቋሚ ወጪ ተለውጧል፤ ልዩነቱን የሚወስነውም ይኸው የተያዘው ወጪ ነው።

ወደ ሁለተኛው ዓመት እንመለስ፤ የዚህ ጉዳይ እውነተኛ ክብደት ያለው እዚያ ነውና። ሽያጩ በ8,000 ተወስኖ እንዲቆይ እናድርግና የምርቱን መጠን ብቻ እንለውጥ። ሥራ አስኪያጁ ገበያውን አይቶ 8,000 ብቻ ቢያመርት፣ በሙሉ ወጪ ስሌት ወደ ዕቃዎቹ የሚመደበው ቋሚ ወጪ 240,000 ብቻ ሲሆን፣ ያልተመደበው 60,000 በቀጥታ የዓመቱ ወጪ ይሆናል። ውጤቱም 10,000 ኪሳራ ነው፤ ከተለዋዋጭ ወጪ ስሌቱ ጋር አንድ ነው። 10,000 ቢያመርት 50,000 ትርፍ እንደሚያሳይ አይተናል። 12,000 ቢያመርትስ? ተመኑ ወደ 25 ይወርዳል፤ በመጋዘን የሚቀሩት 4,000 ዕቃዎች 100,000 ቋሚ ወጪ ይዘው ይሻገራሉ፤ ትርፉም 90,000 ይሆናል። በሦስቱም ሁኔታዎች የተሸጠው ያው 8,000 ነው፤ የደንበኛው ፍላጎትም ሆነ የዕቃው ዋጋ አልተለወጠም። የተለዋዋጭ ወጪ ስሌት በሦስቱም 10,000 ኪሳራ ብሎ ይጸናል፤ የሙሉ ወጪ ስሌት ግን ትርፉን በሽያጭ ብቻ ሳይሆን በምርት መጠንም እንዲወሰን ያደርገዋል።

በዚህ ምክንያት የሥራ አስኪያጅ ጉርሻ በሙሉ ወጪ ስሌት በተገኘ ዓመታዊ ትርፍ ላይ መመሥረቱን አደገኛ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። አንድን ሰው ትርፍ ካላሳየህ ጉርሻ የለህም ካሉት በኋላ ትርፍ የሚጨምርበት አንዱ መንገድ ማንም ያልጠየቀውን ዕቃ ማምረት ከሆነ፣ ማታለል ሳያስፈልገው፣ የተፈቀደውን ዘዴ እየተከተለ ብቻ ድርጅቱን ወደ ተሳሳተ ውሳኔ ሊመራው ይችላል። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ መለኪያውን የመረጡትም ይካፈሉታል።

ጥሬ ገንዘቡ የሚነግረን ታሪክ ደግሞ ከሁለቱም ትርፎች ይለያል። ከ8,000 ወደ 10,000 ምርት ከፍ ሲባል፣ የወጣው ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ተከፍሏል ብለን ብናስብ፣ ለተጨማሪዎቹ 2,000 ዕቃዎች 80,000 ከካዝና ይወጣል። በዚያው ውሳኔ የሙሉ ወጪ ስሌት ትርፍ በ60,000 ከፍ ይላል። ትርፉ እያደገ ካዝናው እየሳሳ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሽያጭ ሳያድግ ትርፍ ሲያድግ የሚያይ አንባቢ መጀመሪያ ሊመለከት የሚገባው የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውንና የክምችቱን መስመር ነው። በምሳሌያችን 8,000 በሚሸጥበት ዓመት መጨረሻ የቀረው 2,000 ዕቃ የሦስት ወር ሽያጭ ነው፤ 4,000 ከሆነ የግማሽ ዓመት ነው። ክምችት ስንት ቀን ሽያጭ እንደሚሸፍን ማስላት ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ይህን ያህል የሚያጋልጥ ሌላ ቁጥር አላውቅም።

ደንቡ ምን ይላል? በዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት ለውጭ አንባቢ የሚቀርብ ሪፖርት የሙሉ ወጪ ስሌትን ይከተላል፤ ስለ ክምችት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2 ቋሚ የማምረቻ ኦቨርሄድ በክምችት ዋጋ ውስጥ እንዲገባ ያዛል። የተለዋዋጭ ወጪ ስሌት የሚያገለግለው ለውስጥ ውሳኔ ነው። ደረጃው ግን ልጓምም አበጅቷል። ቋሚ ወጪ የሚመደበው በመደበኛው የማምረት አቅም ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ ምርት ሲቀንስ የእያንዳንዱ ዕቃ ድርሻ አያብጥም፤ ያልተመደበው ወጪ በዚያው ዘመን ይመዘገባል። ምርት ያልተለመደ ያህል ሲበዛ ደግሞ ድርሻው ዝቅ እንዲል ያዛል፤ ይህም ክምችቱ በትክክል ከወጣበት ወጪ በላይ እንዳይመዘገብ ነው። ከላይ በ12,000 ምርት ተመኑን 30 አድርጌ ሳልተወው ወደ 25 ያወረድኩት ለዚህ ነው። በ30 ቢቀጠል ኖሮ 360,000 ተመድቦ፣ ከወጣው በላይ 60,000 የሌለ ወጪ ዕቃዎቹ ላይ በተጫነ ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ ልጓም በዝቅተኛ ምርት ላይ ጥብቅ ቢሆንም፣ እስከ መደበኛው አቅም ድረስ ያለ ፍላጎት ማምረትን አይከለክልም። የ8,000 እና የ10,000 ምርት ልዩነት የሆነው 60,000 ደንቡን ምንም ሳይጥስ የመጣ ነው።

ሌላው ልጓም ክምችት ከወጪውና ከተጣራ መሸጫ ዋጋው ባነሰው ይመዝገብ የሚለው ነው። በምሳሌያችን ዕቃው 70 ወጥቶበት፣ ሲሸጥ 100 አስገኝቶ የሽያጭ ወጪ 5 ቢቀነስለት 95 ይቀራል፤ ስለዚህ ቅነሳ አያስፈልገውም። ገበያው ቀዝቅዞ ዋጋው ወደ 70 ቢወርድ ግን የተጣራው ዋጋ 65 ስለሚሆን፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ 5፣ በ2,000ው ላይ 10,000 ወዲያውኑ ወጪ ይሆናል። የተደበቀው ቋሚ ወጪ ጥቂቱ በዚህ መንገድ ቀድሞ ይወጣል። ይህ ልጓም የሚይዘው ግን የተጣራው ዋጋ ከወጪው በታች ሲወርድ ብቻ ነው፤ በመልካም ዋጋ የሚሸጥ፣ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ገዢ የሚጠብቅ ክምችትን አይነካም።

በዚህ ስሌት ላይ የሚፈጸሙ ሁለት ስህተቶች በተደጋጋሚ ያጋጥሙኛል። የመጀመሪያው ለማጓጓዝና ለኮሚሽን የሚወጣውን 5 በክምችት ዋጋ ውስጥ መጨመር ነው፤ በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት የመዝጊያ ክምችት አሃድ 40 እንጂ 45 አይደለም፤ ያልተሸጠ ዕቃ ገና አልተጓጓዘም፤ ኮሚሽንም አልተከፈለበትም። ሁለተኛው የቀጥታ ሠራተኛውን ክፍያ ሳይመረምሩ ተለዋዋጭ አድርጎ መውሰድ ነው። ሠራተኞቹ ምርት ቢበዛም ቢያንስም ያው ወርሃዊ ደመወዝ የሚከፈላቸው ከሆነ፣ በምሳሌያችን ያለው 10 በተግባር ቋሚ ወጪ ነው፤ በ10,000 ምርት ላይ 100,000 ማለት ነው። ያን ጊዜ ተለዋዋጩ የማምረቻ ወጪ 30፣ ቋሚው ድርሻ 40 ይሆናል፤ የ2,000ው ዕቃ ልዩነትም ከ60,000 ወደ 80,000 ያድጋል። ዘዴውን ከመምረጥ በፊት የትኛው ወጪ በእርግጥ ከምርት ጋር እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የተሻገረው ወጪ መጨረሻው ምን ይሆናል? በሁለተኛው ዓመት 10,000 ተመርቶ 8,000 የተሸጠበትን ሁኔታ ይዘን፣ በሦስተኛው ዓመት ሽያጩ ወደ 10,000 ተመልሶ ፋብሪካው ክምችቱን ለማራገፍ 8,000 ብቻ አመረተ እንበል። የተለዋዋጭ ወጪ ስሌት እንደ መጀመሪያው ዓመት 100,000 ትርፍ ያሳያል። በሙሉ ወጪ ስሌት ግን የተሸጡት 10,000 ዕቃዎች እያንዳንዳቸው 70 ወጪ ይዘው ይወጣሉ፤ በዚህ ላይ ከመደበኛው አቅም በታች በመመረቱ ያልተመደበው 60,000 ይጨመራል፤ ትርፉም 40,000 ብቻ ይሆናል። ከአምናው 60,000 ተሻግሮ የመጣው ወጪ አሁን ዕዳውን አስከፈለ። ሥራ አስኪያጁ ሽያጩን በ2,000 አሳድጎ ሳለ ትርፉ ከ50,000 ወደ 40,000 ወረደ የሚል ሪፖርት ይቀርብለታል፤ ምንም ያላጠፋ ሰውም ለማስረዳት ይቸገራል።

የሁለቱን ዓመታት ትርፍ አንድ ላይ ስንደምር በተለዋዋጭ ወጪ ስሌት 10,000 ኪሳራና 100,000 ትርፍ 90,000 ይሰጣል፤ በሙሉ ወጪ ስሌት 50,000 እና 40,000 ያው 90,000 ነው። ሁለቱ ድምሮች የተገናኙት በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ መጋዘኑ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ሁለት ሺህ ዕቃ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ በእነርሱ ውስጥ ያለው ቋሚ ወጪ አሁንም ተራውን እየጠበቀ ይቆይ ነበር።